ፎረፎር ምንድን ነው? ድርቀትስ ለምን አይደለም?

“ፎረፎር የራስ ቆዳ መድረቅ ነው፤ ቅቤ ወይም የወይራ ዘይት ቀብታችሁ እደሩ።” የቆዳ ሕክምና የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ይህን ምክር ችላ ብዬ ማለፍ ለምጄ ነበር። ሰሞኑን ግን አንድ አስተያየት ሰጪ “ሻምፑ ያደርቀዋል፣ ሳትታጠቡ ቅባቱን ደጋግሙ” ሲሉ አነበብኩና መታገሥ አቃተኝ።

እስቲ እኚህን ሰው ልጠይቃቸው። ነገሩ ድርቀት ከሆነ ቅርፊቱን የምናየው በቅልጥማችን ላይ አልነበረም? ፎረፎር የሚወጣው ግን ወዝ በሚበዛበት ቦታ ነው፤ ራስ ላይ፣ ቅንድብ ውስጥ፣ በአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ጀርባ። ራስ ላይ ብቻ ሆኖ ሳይቆጣ ከረገፈ ፎረፎር እንለዋለን። ቆዳው ተቆጥቶ ወደ ቅንድብና ወደ ፊት ከዘለቀ ሴቦሪክ ደርማታይተስ ይባላል። ሁለቱ የአንድ ችግር ቀላልና ከባድ መልክ ናቸው።

በሁላችንም ቆዳ ላይ ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ይኖራል። ደባል በሉት። የሚያስፈልገውን ቅባት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከወዛችን ይመገባል። የሚስማማውን በልቶ ትራፊውን፣ በተለይ ኦሌይክ አሲድን፣ እዚያው ይጥላል። አንዳንዱ ባለቤት ቆሻሻው አይረብሸውም። ሌላው ግን ይቆጣል፤ ቆዳው በጥድፊያ ይታደስና ያልበሰለው በቁርጥራጭ ይረግፋል። እንግዲህ ዘይት ቀብቶ ማደር ለደባሉ ራት ማቅረብ ነው። የወይራ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ራሱ ኦሌይክ አሲድ ስለሆነ ራቱንም ቆሻሻውንም አብሮ ያስገባል። ቅባቱ ቅርፊቱን ስለሚያለሰልስና ስለሚያጣብቅ ለአንድ ሁለት ቀን የጠፋ ይመስላል፤ ምስጋናውን የሚያገኘውም በዚህ ነው። የፈንገስ መድኃኒት ያለው ሻምፑም ቢሆን ደባሉን ከነጭራሹ አያስወጣውም፤ ቁጥሩን ይቀንሳል። ስለዚህ ፎረፎር ይረጋጋል እንጂ “ለዘለቄታው ዳነ” አይባልም።

ሹሩባ ተሠርታ ለሳምንታት የምታቆይ፣ ቅቤም የምትቀባ ሴት እናስብ። ራሷን ያሳክካታል፣ ከቅንድቧም ቅርፊት ይረግፋል። ሹሩባውን ፈትታ መጀመሪያ በተራ ሻምፑ ቅቤውን ታስለቅቃለች። ከዚያ 2% ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለውን ሻምፑ ፀጉሯን እየከፈለች የራሷን ቆዳ በጣቷ ጫፍ ታሻለች፤ መድኃኒቱ ለቆዳው እንጂ ለፀጉሩ አይደለም። 5 ደቂቃ ትቆይና ታለቀልቃለች። ብዙ ሰው “አልሠራልኝም” የሚለው ወዲያው ስለሚያጥበው ነው። የተለመደው ትእዛዝ በሳምንት 2 ጊዜ ለ4 ሳምንት ነው። እንደኛ ዓይነት የተጠቀለለ ፀጉር ግን በተደጋጋሚ እጥበት ስለሚሰባበር በሳምንት 1 ጊዜ እንድትታጠብና ኮንዲሽነር ከፀጉሯ መሐል እስከ ጫፍ እንድታደርግ እመክራታለሁ። ቅቤ ካማራትም ከጫፉ ላይ ትቀባ። ከተሻላት በኋላ በ1 ወይም በ2 ሳምንት አንድ ጊዜ ትቀጥላለች፤ ካቆመች ይመለሳል።

እስከ 4 ሳምንት ለውጥ ከሌለ የንጥረ ነገሩን ዓይነት መቀየር እንጂ የብራንዱን ስም መቀየር አይጠቅምም። 2.5% ሴሊኒየም ሰልፋይድ አንዱ አማራጭ ነው፤ በደንብ ካልታጠበ ግን ቀለም የተቀባ ወይም የሸበተ ፀጉርን መልክ ሊያበላሽ ይችላል። 1% ዚንክ ፓይሪቲዮን ለቀላሉ ይበቃል። ቅርፊቱ ወፍራም ከሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ሻምፑ ቀድሞ ይልጠዋል። የኬቶኮናዞል እንክብል ግን ጉበት ስለሚጎዳ ለፎረፎር አይዋጥም።

ለቅንድቡ፣ 5 ደቂቃውን ስትጠብቅ ዓይኗን ጨፍና አረፋውን ቅንድቧ ላይ ማሸት ትችላለች። ካልበቃ 2% ኬቶኮናዞል ክሬም በቀን 2 ጊዜ እስከ 4 ሳምንት ትቀባለች። በጥቁር ቆዳ ላይ ቁጣው ቀልቶ ሳይሆን ነጣ ብሎ ስለሚታይ ብዙዎች ለምጽ መስሏቸው ይደነግጣሉ። ቁጣው ሲበርድ ቀለሙ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሰው የማይታገሠው ይህን ጊዜ ነው፤ ከጎረቤት የተገኘ ክሎቤታዞል ወይም ቤታሜታዞን የተባለ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ፊቱ ላይ ይቀባል። በቀናት ውስጥ ያምራል፣ ሲቆም ብሶ ይመጣል፣ ሲቀጥል ቆዳው ይሳሳል። ፊት ላይ ስቴሮይድ ካስፈለገ ለስላሳው 1% ሃይድሮኮርቲዞን፣ ያውም ለጥቂት ቀናት፣ ይበቃል።

ባትጠይቁኝም ሁለት ነገር ልጨምር። በአዋቂ ላይ በድንገት የመጣና ፊትንና ደረትን ያለበሰ፣ ለመድኃኒትም እምቢ ያለ ሴቦሪክ ደርማታይተስ ካየን የኤችአይቪ ምርመራ እንጠይቃለን። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ከራሱ ላይ ቅርፊት ረግፎ ፀጉሩም በክብ በክብ ከተመለጠ ደግሞ ፎረፎር ሳይሆን የራስ ጭርት መሆኑን ጠርጥሩ። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ሻምፑ ብቻውን አያድነውም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ የእህትና የወንድሞቹም ራስ አብሮ መታየት አለበት።