ከጎንደር የሚወጣ ሲቪ፦ «ሄልዝ ኦፊሰር» ውጭ አገር ምን ተብሎ ይነበባል?

«ሄልዝ ኦፊሰር ድሮውንም እንግሊዝኛ ነው፤ ምኑ ይተረጎማል?»

ቃሉ የእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ሥራው የእኛ አገር ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት፣ ሐኪም በማይደርስበት ገጠር የሚያክም፣ በሽታ የሚከላከልና ጤና ጣቢያ የሚመራ ባለሙያ እንዲያወጣ ታስቦ ነበር። እዚህ ጤና መኮንን ሲባል ሰው የሚያስበው መርምሮ ያከመውን ነው። እንግሊዝ አገር ያለ ቀጣሪ ግን ስሙን ሲያይ ምግብ ቤት እየዞረ ንጽሕና የሚቆጣጠር ሠራተኛ ሊመስለው ይችላል። አሜሪካ ደግሞ ብዙ ቦታ የአንድ አካባቢ የጤና መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ማለት ነው። በሽተኛ መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ በሁለቱም ንባብ ውስጥ የለም።

በቅርቡ ሲቪዋን አብረን ያየነው አንዲት የአዘዞ ልጅ የጻፈችው «ሄልዝ ኦፊሰር፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊ» ብቻ ነበር። መጠሪያውን በዲግሪዋ ላይ እንዳለ ተውነውና ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርን፦ «የአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላት የሕክምና ባለሙያ፤ ተመላላሽ ታካሚ ትመረምራለች፣ መድኃኒት ታዝዛለች፣ ታዋልዳለች፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ትልካለች።» «ኃላፊ» የሚለውም ብቻውን ለውጭ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ የ3 ሰው ክሊኒክም ኃላፊ አለው። ስለዚህ 34 ሠራተኞችና 5 ጤና ኬላዎች በሥሯ እንደነበሩ ጻፍን። ሥራዋ መልክ የያዘው ያኔ ነው።

«ሥራው አንድ ስለሆነ ፊዚሽያን አሲስታንት ብዬ ልጻፈው።»

ይህን የሚመክሩት ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሄዱ ወዳጆች ናቸው፤ በቅንነት ነው፣ ግን ሰው ይጎዳል። ሥራው በእርግጥ ይቀራረባል። አሜሪካ ውስጥ ግን በዚያ ስም ለመሥራት እዚያው እውቅና ካለው ፕሮግራም መመረቅ፣ የብሔራዊ ፈተናውን ማለፍና የክፍለ ግዛቱን ፈቃድ መያዝ ግድ ነው። ያለዚህ መጠሪያውን በራስ ላይ መለጠፍ ሕግ የሚከለክለው ነገር ነው። ቀጣሪው ዲግሪውን ሲጠይቅ ወረቀቱ ላይ ሌላ ስም ያያል፤ ከዚያ ወዲያ እውነተኛውንም የሥራ ልምድ ይጠራጠራል። ማነጻጸር ካስፈለገ በማብራሪያው መስመር ላይ «ከዚህ ሙያ ጋር የሚቀራረብ» ማለት ይበቃል፤ በመጠሪያው ቦታ ግን አይገባም።

«ዲግሪዬ ተገምግሞ እኩል ነው ከተባለ በሙያዬ መሥራት እችላለሁ።»

ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። የትምህርት ማስረጃ የሚገመግመው ድርጅት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዲግሪ በዚህ አገር ከየትኛው የትምህርት ደረጃ ጋር ይስተካከላል? «ከመጀመሪያ ዲግሪ ጋር» የሚል መልስ ለሁለተኛ ዲግሪ ለማመልከትም፣ ፈቃድ ለማይጠይቅ ሥራም ይረዳል። በሽተኛ መንካት የሚፈቅደው የሙያው ተቆጣጣሪ አካል ነው፤ እሱ ደግሞ የተግባር ሰዓቱን፣ የኮርሱን ይዘትና የቋንቋ ፈተናውን ለብቻው ይመለከታል። የአዘዞዋ ልጅ ይህን ስትረዳ ማመልከቻዋን ወደ ሕክምና ምርምር ማስተባበርና ወደ ሕዝብ ጤና ፕሮግራሞች አዞረችው፤ እዚያ መጠሪያዋ ሳይሆን የሠራችው ሥራ ይቆጠራልና።

«ሲስተር የሚለውን ከስሜ ፊት ልተወው፤ ክብር ነው።»

እኛ ዘንድ ነርስ የሆነች ሴት ሁሉ ሲስተር ትባላለች። እንግሊዝ አገር ግን ሲስተር የዋርድ ነርሶችን የምትመራ የበላይ ነርስ ናት፤ ያልነበረ ሹመት የተጻፈ ይመስላል። ይውጣ።

«የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ልገልብጠው።»

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዲግሪው ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆች፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። የልጅቷ ዲግሪ ጁላይ 2016 ይላል፤ ደብዳቤዋ ከመስከረም 2009 እስከ ሰኔ 2013 ይላል። ሁለቱ ሳይለወጡ ሲቪው ላይ ከተቀመጡ፣ ሳትመረቅ ሰባት ዓመት ያህል ቀድማ በሽተኛ ማከም ጀምራ፣ ከመመረቋ በፊት ሥራውን የለቀቀች ትመስላለች። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ያለው ጊዜ ላይ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ባለው ላይ 8 ዓመት ይደመራል። ስለዚህ የሥራ ዘመኗ ከሴፕቴምበር 2016 እስከ ጁን 2021 ሆነ። ዓመቱን ብቻ ለውጦ ወሩን መዝለል የአንድ ዓመት ስሕተት ያመጣል፤ ደብዳቤው ሲተረጎም ተርጓሚው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን እንዲጽፍና ሲቪው ላይ ያለው ከእሱ ጋር በወሩም ጭምር አንድ እንዲሆን አድርጉ።