«ይችላል»ን አትቁረጡብን

ሥራዬ የጥናት ማጠቃለያ ማረም ነው። ባሕር ዳር ተቀምጬ፣ ስለ ጣና የተጻፉ ወረቀቶች ለወረዳ ባለሙያዎችና ለሬዲዮ በአማርኛ አጥረው ሲመጡ የመጨረሻው እርማት እኔ ጋ ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ የነበሩት «ሊሆን ይችላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይመስላል» ማጠቃለያው ላይ ሲደርሱ የሉም። «የት ሄዱ?» ብዬ ስጠይቅ የሚሰጠኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ጋሼ፣ ምሁራን ይችላል የሚሉት እኮ ፈርተው ነው። ብናወጣው ትርጉሙ አይለወጥም።»

ይህችን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አንድ አረፍተ ነገር እንውሰድ። ለማስረዳት ያህል እኔው የጻፍኩት ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ የሚያልፉት ብዙዎቹ ግን ይህንኑ ይመስላሉ። «እምቦጭ በተስፋፋባቸው ዳርቻዎች የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆች ከሌሎቹ ያነሰ ዓሣ አግኝተዋል፤ ልዩነቱ ከአረሙ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።» አሳጣሪው ይህን አንብቦ «እምቦጭ የጣናን የዓሣ ምርት ቀነሰ» ብሎ ያመጣልኛል። አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ለሬዲዮም ይመቻል። ጥናቱ ግን እንዲህ አላለም።

ወረቀቱ ላይ የተባለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የታየ ነው፤ ዓሣው ተመዝኖ አንሶ ተገኝቷል። እዚያ ላይ «ይችላል» የለም፣ አያስፈልግምም። ሁለተኛው ምክንያቱ ነው። ጥርጣሬው የተቀመጠው እዚህኛው ላይ ብቻ ነው፤ ያለ ነገርም አልተቀመጠም። አጥኚው ዳርቻን ከዳርቻ ጋር አወዳደረ እንጂ፣ አረሙ ተነቅሎ ዓሣው ሲመለስ አላየም።

በዚህ ላይ ዳርቻዎቹ በአረም ብቻ አይለያዩም። እምቦጭ ክፉኛ የተስፋፋው በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ወዲያ በኩል የሚገቡት ወንዞች ደለልና ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ይዘው ይመጣሉ። ማዳበሪያው አረሙን ይመግባል፣ ደለሉ ደግሞ ዓሣውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አረሙም መብዛቱ፣ ዓሣውም ማነሱ የአንድ ምክንያት ውጤት ሊሆኑ ይችላሉ። የጣና ባርበስ ዓሦች ደግሞ በክረምት ለመራባት ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እዚያው መረብ ሲዘረጋባቸው ኖሯል። ይህም ሌላ ተጠርጣሪ ነው።

የሚረሳ አንድ ነገር ጨምሩበት። የተመዘነው የተያዘው ዓሣ ነው፤ ውኃ ውስጥ ያለውን ማን ቆጠረው? አረሙ ታንኳ አያስገባም፣ መረብ ያጠላልፋል። ዓሣው እዚያው እያለ የሚያዘው ሊያንስ ይችላል። ሬዲዮ የሚሰማው ሰው ግን «ምርት ቀነሰ» ሲባል ዓሣው ያለቀ ነው የሚመስለው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» ለሚለኝ፣ ችግሩ ገንዘቡ የሚሄድበት ነው። ጥፋቱ የአረሙ ከሆነ መፍትሔው ነቀላ ነው። የደለሉ ከሆነ ተፋሰስ ላይ እርከን ይሠራል። የመረቡ ከሆነ ዓሣው በሚራባበት ወቅት ማጥመድ ይታገዳል። አንድ መሥሪያ ቤት «ይችላል»ን ቆርጦ «እምቦጭ ሲነቀል ዓሣው ይመለሳል» ብሎ ለዘመቻ ቀስቅሶ ነበር። በኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደቡ ላይ ያዘኝ። «አረሙንስ ነቀልን፤ ዓሣው የታለ?» አለኝ። ምን ይመለስለታል? ወረቀቱ እንዲያ ብሎ ቃል አልገባለትም ነበር።

እኔ ሳርመው እንዲህ ሆነ፦ «እምቦጭ በበዛባቸው ዳርቻዎች የሚያዘው ዓሣ አንሷል፤ ምክንያቱ አረሙ ሊሆን ይችላል።» ከመጀመሪያው ማጠቃለያ አምስት ቃል ነው የሚበልጠው። በቦታ ማጣት እንዳታመካኙ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዋናውን ወረቀት አትማችሁ እርሳስ ያዙ። እያንዳንዱን «ይችላል» እና «ይመስላል» አክብቡና ቀስት ወደሚጠራጠረው ነገር ስቡ። ቁጥሩን ነው? ምክንያቱን ነው? ወይስ «ሌላ ቦታም እንዲሁ ነው» የሚለውን? ማጠቃለያችሁ ላይም እንደዚያው አድርጉ። ቀስቱ ሌላ ቦታ ካረፈ፣ ቃሉ ቢኖርም ትርጉሙ ተበላሽቷል። «ዓሣው አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ እምቦጭ ነው» ብሎ ያመጣልኝ ልጅ አለ። ቃሉን አልጣለውም፤ የታየውን አጠራጣሪ፣ አጠራጣሪውን የታየ አደረገው እንጂ።

«ሊሆን ይችላልና ሳይሆን አይቀርም ያው ናቸው።»

አይደሉም። የመጀመሪያው «ሊሆንም ላይሆንም» ነው፤ ሁለተኛው ወደ መሆኑ ያደላል። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንቲስቶች ቡድን ለእነዚህ ቃላት ቁጥር ሰጥቷቸዋል። «ሳይሆን አይቀርም» የሚያሰኘው የእነሱ ደረጃ ቢያንስ 66 በመቶ ነው፤ ከዚያ የጠነከረው ከ90 ይጀምራል። 66 በመቶ ማለት ደግሞ ከሦስት አንዱ ጊዜ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱ ቁጥር ከሰጣችሁ ቁጥሩን ከቃሉ ጎን አስቀምጡት።

«እንግዲያው ለጥንቃቄ ሁሉም ላይ ይገመታል እንጨምርበት።»

ይሄ ደግሞ ሌላው በሽታ ነው። «ምናልባት ሊሆን እንደሚችል ይገመታል» የሚል ነገር አንብቤ አውቃለሁ፤ ሦስት ጥርጣሬ ለአንድ ግሥ! ሁሉም ቦታ ከተረጨ አንባቢው እውነተኛው ጥርጣሬ የቱ ላይ እንደሆነ አያገኘውም። የተመዘነው ዓሣ «አነሰ» ይባላል፣ በቃ።

«የኢኮኖሚ ትንበያ ላይማ ቁጥሩ ይበቃል።»

ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በኤፕሪል 2020 ያወጣውን አስታውሱ። የዓለም ኢኮኖሚ በዓመቱ በ3 በመቶ ይኮማተራል አለ። እኛ አገርም ሌላም አገር ቁጥሩ ብቻ ተነቅሎ ዞረ። ሪፖርቱ ግን ቁጥሩን ከአንድ «ከሆነ» ጋር አስሮት ነበር፦ ወረርሽኙ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ እየበረደ ከሄደ። ከዚያ የከፋ ሊሆን የሚችልባቸውን ሁኔታዎችም አብሮ አስቀምጧል። ወረርሽኙ አልበረደም። ጁን ላይ ግምቱ 4.9 በመቶ ሆነ፣ ኦክቶበር ላይ ወደ 4.4 ተመለሰ። ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው «በየጊዜው ይዋሻሉ» አለ። አይፈረድበትም፤ «ከሆነ»ውን ማን ነገረው?

ትንበያ ስታሳጥሩ ማን እንደተነበየ፣ መቼ እንደተነበየ፣ ምን ከሆነ እንደሚሠራ አትጣሉ። «ገንዘብ ድርጅቱ በኤፕሪል 2020 ባወጣው ግምት፣ ወረርሽኙ በሁለተኛው አጋማሽ ከበረደ የዓለም ኢኮኖሚ በ3 በመቶ ይኮማተራል» ብትሉ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል።

«ገበሬው ይችላል ሲባል ግራ ይገባዋል።»

የፎገራ ሩዝ አምራች ሰማይ አይቶ «ሳይዘንብ አይቀርም» እያለ ነው የሚዘራው። ግራ የሚገባውስ በእርግጠኝነት የተነገረው ሳይሆን ሲቀር ነው።

«እሺ፣ ርዕስ ላይ ግን አይገባም።»

ካልገባ ምክንያቱን ርዕስ ላይ አታውጡት። ርዕሱን ከታየው ነገር ሥሩት፦ «እምቦጭ በበዛበት የጣና ዳርቻ የሚያዘው ዓሣ አነሰ»። ምክንያቱና «ይችላል» የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይምጡ። «እምቦጭ የጣናን ዓሣ ጨረሰው?» ብላችሁ ጥያቄ ምልክት ለጥፋችሁ ግን አትላኩልኝ፤ እመልሰዋለሁ።