ከችግሩ የሚነሳ የሽያጭ ኢሜይል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መጀመሪያ እኛ ማን እንደሆንን ካልነገርናቸው እንዴት ያምኑናል?»

ባሕር ዳር ሆኖ የእህል እርጥበት መለኪያ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ነጋዴ አለ እንበል። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በቆሎ ለሚሰበስብ የገበሬዎች ዩኒየን ኢሜይል ሊልክ ነው። ከሥራ አስኪያጁ ጋር አይተዋወቁም። ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጥ እጁ ወዲያው የሚጽፈው ይህን ነው፦

«ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የግብርና መሣሪያዎችን በማቅረብ የሚታወቅ ሲሆን፣ ዲጂታል ስክሪን ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ለብዙ የእህል ዓይነቶች የሚያገለግል…»

ሥራ አስኪያጁ ኢሜይሉን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ በስልኩ ነው። ገና ሳይከፍተው ስልኩ የሚያሳየው የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና የመጀመሪያዋን መስመር ነው። መስመሯ «ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ…» ብላ ከተቆረጠች ምንም አልነገረችውም። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ በየሳምንቱ ይደርሰዋል። ወይ ያጠፋዋል፣ ወይ ነገ አየዋለሁ ብሎ ይረሳዋል።

ማንነት ይቅር አልተባለም። ቦታው መጨረሻ ላይ ነው፦ ስም፣ ስልክ፣ ሱቁ የት እንዳለ። የማያውቀን ሰው የሚያምነን «ይሄ ልጅ ሥራችን ገብቶታል» ሲል ነው። ያንን ደግሞ የድርጅት ታሪክ አያስገኝም።

«እሺ፣ ከችግር እንጀምር። ‘ወጪ እየበዛባችሁ ነው’ ብለን ጻፍን። አሁንም መልስ የለም።»

ወጪ የማይበዛበት ማን አለ? ይህ አባባል ለሆቴልም፣ ለዳቦ ቤትም፣ ለትምህርት ቤትም ይሄዳል። ለሁሉም የሚሄድ ነገር የማንም ችግር አይደለም። ችግር ሲባል የሆነ ሰው፣ የሆነ ወር ላይ፣ በሆነ ቁጥር የሚጨነቅበት ነገር ነው። የዩኒየኑን እንይ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከማሳ የሚመጣው በቆሎ ገና እርጥብ ነው። ከዩኒየኑ አባል መሠረታዊ ማህበራት ሲረከቡ ስቶር ኪፐሩ ጥቂት ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ይቆረጥማል። ቀጭ ካለ ደርቋል ማለት ነው። ልምድ ያለው ሰው ፈጽሞ እርጥብ የሆነውን ይለያል። 17 በመቶውን ከ14 በመቶው ግን በጥርስ መለየት አይቻልም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 17 በመቶ እርጥበት ያለው 400 ኩንታል በቆሎ ገባ። ከዚህ ውስጥ 68 ኩንታሉ ውሃ፣ 332 ኩንታሉ ደረቅ እህል ነው። መጋዘን ውስጥ ቆይቶ 13.5 በመቶ ሲደርስ፣ ያው 332 ኩንታል ከጠቅላላው 86.5 በመቶ ይሆናል። 332ን ለ0.865 ስናካፍል 384 ኩንታል ገደማ ይመጣል። 16 ኩንታል የት ገባ? ተነነ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ከ17 ላይ 13.5 ቀንሶ 3.5 በመቶ ያገኛል፤ ከ400 ላይ ሲያሰላው 14 ኩንታል ይሆንለታል። ልክ አይደለም። ውሃው ሲቀንስ ጠቅላላ ክብደቱም አብሮ ስለሚቀንስ መቶኛው የሚታሰበው በአዲሱ ክብደት ነው። ኢሜይል ላይ 14 ብሎ የጻፈ ሻጭ የዩኒየኑ ሒሳብ ሠራተኛ እጅ ከገባ እዚያው አለቀለት።

ኪሎው ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ማንም ሳይሰርቅ 16 ኩንታል በሰነድ ላይ ጉድለት ሆኖ ይታያል። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ስቶር ኪፐሩ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ደግሞ ለውሃ የበቆሎ ዋጋ ተከፍሏል ማለት ነው። ሳይደርቅ የተከመረ እህል ሻጋታ የሚያመጣው መዘዝ ገና አልተቆጠረም። አንዱ ችግር ሁለት ባለቤት አለው፣ ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እንቅልፍ ያጣሉ። ኢሜይሉ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው።

«የማላውቀውን ትልቅ ሰው ‘ችግር አለብህ’ ማለት ነውር አይደለም?»

እንዲያ ከተባለማ ነውር ነው። ጎጃም ላይ ደግሞ ይብሳል። በዕድሜም በሥልጣንም የሚበልጥን ሰው ሳይተዋወቁ ቤቱ ገብቶ ጉድለቱን መቁጠር ማንም አይወድም። መፍትሔው ግን ወደ ምርት ዝርዝር መሸሽ አይደለም። ችግሩን ከሰውየው ላይ አንስቶ እህሉ ላይ ማድረግ ነው። እንዲህ፦

ርዕስ፦ የበቆሎ ርክክብና እርጥበት

«ጤና ይስጥልኝ፣

በታኅሣሥ የገባ በቆሎ በሚያዝያ ሲወጣ ሚዛኑ ይቀንሳል። በ17 በመቶ እርጥበት የገባ 400 ኩንታል፣ 13.5 በመቶ ሲደርስ 384 ኩንታል ገደማ ነው። 16ቱ የተነነ ውሃ ነው፤ በሰነድ ላይ ግን ጉድለት ሆኖ ይታያል።

በበኩር ጋዜጣ ያወጣችሁት የሽያጭ ጨረታ ላይ እርጥበቱ ከ13.5 በመቶ እንደማይበልጥ አይቻለሁ። ከማህበራቱ ስትረከቡ እርጥበቱን በምን ነው የምትለኩት?

እኛ በርክክብ ቦታ ላይ በደቂቃ ውስጥ የሚለካ የእጅ መሣሪያ እናቀርባለን። ፈቃድዎ ከሆነ ይዤ መጥቼ ከራሳችሁ መጋዘን በወጣ እህል ላሳያችሁ። ሐሙስ ወይም ዓርብ ብደውል ይመቻል?»

ከዚህ በታች ስም፣ ስልክና አድራሻ። በቃ።

የትኛውም ቦታ ላይ «ትከስራላችሁ» አይልም። ሚዛኑ የሚቀንሰው በቆሎው ነው። ይህ ደግሞ የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ የሚያፍርበት ሰው የለም። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ምናልባት መለኪያ አላቸው፤ እንዲያ ከሆነ በሁለት ቃል መልሰው ይገላገላሉ፣ ሻጩም ጊዜውን አያባክንም።

ርዕሱ ላይም ትንሽ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «የጎደለው 16 ኩንታል» የሚል ርዕስ ዓይን ይይዝ ነበር። ግን ኢሜይሉን መጀመሪያ የምትከፍተው ጸሐፊዋ ብትሆንስ? ጥቆማ የመጣ ይመስላታል። ሰው የሚያስደነግጥ ርዕስ ይከፈታል፣ ቂምም ያተርፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይጻፍም። ሻጩ ከሹፌር ወይም ከደላላ «ባለፈው ዓመት አንድ መኪና እህል ተመልሶባቸዋል» የሚል ወሬ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ወሬው የት ላይ ማተኮር እንዳለበት ይጠቁመዋል። ኢሜይሉ ላይ ግን የሚጠቀሰው በአደባባይ የወጣው ብቻ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ያለ ጨረታ የማንም ምስጢር አይደለም። ጨረታውም ባይኖር ዝም ብሎ ሒሳቡንና ጥያቄውን መጻፍ ይበቃል።

«ባህሪያቱን ካልዘረዘርኩ ምኑን አይተው ይገዛሉ?»

ከኢሜይል ላይ የሚገዛ ዩኒየን የለም። የግዢ ኮሚቴ አለ፣ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ገንዘቡ ከፍ ካለ ቦርድ ጋ ይደርሳል። ኢሜይሉ የሚጠበቅበት አንድ የስልክ ንግግር ማስገኘት ብቻ ነው። ዝርዝሩ ፕሮፎርማው ላይ ሲመጣ ዋጋ አለው፤ ያኔ ኮሚቴው ራሱ አንድ በአንድ ይጠይቃል።

ኢሜይሉ ውስጥ የምትገባው ባህሪ ችግሩን የምትነካዋ ብቻ ናት። «በደቂቃ ውስጥ ይለካል» የገባችው በርክክብ ቀን ጋሪና አህያ ተሰልፎ ስለሚጠብቅ ነው። «በባትሪ ይሠራል» ብቻውን ከተጻፈ ከንቱ ነው። የማህበሩ መጋዘን መብራት የሌለበት ቀበሌ ውስጥ መሆኑ ከታወቀ ግን ያቺው ቃል ዋናዋ ትሆናለች። የስክሪኑን ስፋትማ ማንም አልጠየቀም።

የመሣሪያውም ጉድለት ሲያሳዩ ይነገር። ከፀሐይ ላይ ትኩስ የተነሳ እህል ላይ ንባቡ ሊሳሳት ይችላል። ከአንድ ጆንያ ብቻ ለክቶ ስለ መኪናው ሙሉ መናገርም አይቻልም፤ ከተለያዩ ጆንያዎች ወስዶ አማካይ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ኮሚቴ ፊት ይከበራል።

ካታሎግም አብሮ አይላክ። ለማያውቁት ሰው በመጀመሪያ ኢሜይል ከባድ ፋይል ማያያዝ ወደ ስፓም የመግባት ዕድሉን ይጨምራል። ሞባይል ዳታ ላይ ያለ ሰውም አይከፍተውም።

«ጎጃም ውስጥ ኢሜይል ማን ያነባል?»

ግማሹ እውነት ነው። ለመሠረታዊ ማህበር ሊቀመንበር ኢሜይል መላክ ድካም ነው፤ ለእሱ ስልክና እግር። ዩኒየኖች፣ የባሕር ዳር ሆቴሎች፣ ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎች ግን የኢሜይል አድራሻ አላቸው። ብቻ አንባቢው አንድ ሰው አይደለም። ጸሐፊዋ ትከፍታለች፣ ታትሞ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ወይም ስክሪንሹት ተነስቶ በቴሌግራም ለግዢ ኃላፊው ይሄዳል።

ከችግሩ የሚነሳ ኢሜይል እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ስክሪንሹቱ የሚይዘው የላይኛውን ክፍል ነው። እዚያ ላይ 400 ገብቶ 384 መውጣቱ ካለ፣ ስቶር ኪፐሩ ጋ ቢደርስ እንኳ «ይሄማ የኔ ጉዳይ ነው» ይላል። ስለዚህ በአማርኛ ይጻፍ፣ ይጠር፣ ማንም ሳያስረዳው ለሦስተኛ ሰው የሚገባ ይሁን።

«ካልመለሱ አልፈለጉም ማለት ነው»

ላይሆን ይችላል፤ ኢሜይሉ የተላከበትን ወርም ማየት ያስፈልጋል። ታኅሣሥ ላይ የግዢው ሩጫ ስለሚጦፍ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አይገኝም። ሰኔ ላይ ሁሉም ሒሳብ መዝጋት ላይ ነው። ለዚህ ዕቃ ጥሩው ጊዜ ጥቅምት ነው፤ እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ ኮሚቴውም ለመሰብሰብ ጊዜ አለው።

ከሳምንት በኋላ በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ ጊዜ መቀጠል ይቻላል። «ኢሜይሌ ደረሰዎት ወይ?» ግን አይባልም። የሚጠቅም ነገር ይጨመርበት። ለምሳሌ መለኪያ ለሌለው ሰው የጨው ዘዴው፦ ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ፣ ሁለት ሦስት ሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው፣ ከድኖ በደንብ መነቅነቅ፣ ሩብ ሰዓት ማስቀመጥ። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀም 13.5 ደርሷል ማለት አይደለም፤ ዘዴው ያን ያህል አይለይም። ገደቡን ራሱ ሻጩ ይጻፈው፤ መለኪያው ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ሁለተኛውም መልስ ካላገኘ ሦስተኛ አይላክ። ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ መንገድ ሲገኝ መለኪያውን በቦርሳ ይዞ ጎራ ማለት ይሻላል፤ ቢያንስ «ኢሜይል የላክሁት እኔ ነኝ» ብሎ መግቢያ አለው።