መንጋጋ ቆልፍ፦ በአንድ መርፌ የማይበቃው ክትባት

በደሴና በኮምቦልቻ ለመጀመሪያ ልጇ ክትትል የጀመረች ነፍሰ ጡር፣ ክንዷ ላይ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት ትወጋለች። ከ4 ሳምንት በኋላ ተመለሽ ስትባል ግን “ተከትቤ የለም እንዴ?” ብላ መጠየቋ አይቀርም። ጥሩ ጥያቄ ነው።

የበሽታው ባክቴሪያ አፈርና እበት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በቁስል፣ ወይም ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ በተቆረጠ እትብት ይገባል። ሰውን የሚጎዳው የሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ ነርቭ ውስጥ አንዴ ከገባ የሚያስወጣው መድኃኒት የለም። ሲወለድ ደህና ይጠባ የነበረ ሕፃን ከ3ኛው ቀን ወዲህ መጥባት ካቃተውና ሰውነቱ ከተገተረ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ክትባቱ ውስጥ ያለው ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገ ያው መርዝ ነው። የመጀመሪያው መርፌ ሲወጋ፣ መርዙን የሚለዩ ጥቂት የነጭ ደም ሴሎች ይነቃሉ። ተባዝተው ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ይጀምራሉ። ምርቱ ግን ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ መርፌ አስተማማኝ መከላከያ አይገኝም። የሚተርፈው የማስታወሻ ሴል ነው። ሁለተኛው መርፌ እነዚህን ሴሎች ሲያገኛቸው ምላሹ ፈጣንና ብዙ ይሆናል፤ ፀረ እንግዳ አካሉም መርዙን አጥብቆ ይይዛል። ይህ መርፌ ከመውለዷ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት፤ ፀረ እንግዳ አካሉ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ የሚያልፍበት ጊዜ ያስፈልጋል።

ሁለቱ መርፌዎች የሚከላከሉት ቢበዛ ለ3 ዓመት ያህል ነው። ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ ተሰጥቶ ወደ 5 ዓመት ያደርሰዋል። አራተኛው ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ ወደ 10 ዓመት። አምስተኛው ደግሞ ከሌላ አንድ ዓመት በኋላ የመውለጃ ዘመኗን ይሸፍናል። ቀጠሮ ካለፈ እንደ አዲስ መጀመር የለም፤ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ካርዱን መጣል ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ስንተኛው ላይ እንደደረሰች የሚያሳየው እሱ ነው።

የማስታወሻ ሴል ብቻውን ለምን አይበቃም? ኩፍኝ ከገባ በኋላ እስኪታይ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ እስከዚያ የማስታወሻ ሴሎች ይደርሳሉ። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ጊዜ አይሰጥም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ቀድሞ ደም ውስጥ መገኘት አለበት። ለመግደል የሚበቃው መጠን እጅግ ትንሽ ስለሆነ የመከላከል ሥርዓቱን እንኳ አይቀሰቅስም። ለዚህ ነው ታሞ የዳነ ሰውም መከተብ ያለበት። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም የጎረቤት መከተብ አያድንም።

ጉንፋን መሰሉ ኢንፍሉዌንዛ በየዓመቱ ክትባት የሚፈልገው በሌላ ምክንያት ነው፤ ቫይረሱ መልኩን ይቀያይራል።

ሕፃኑ ከእናቱ ያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። የራሱን ማምረት እንዲጀምር በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል።