የጋራ ሂሳብ፦ ማን ያወጣል? አንዱ ሲሞትስ?

የጋራ ሂሳብ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ስም የሚከፈት የባንክ ሂሳብ ነው። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ፣ የንግድ ሸሪኮች ይከፍቱታል።

ማን ያወጣል የሚለው የሚወሰነው ሂሳቡ ሲከፈት በሚሞላው ቅጽ ነው። «በአንዱ ፊርማ» ከተባለ፣ ማንኛውም ባለሂሳብ ሌላውን ሳያስፈቅድ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ማውጣት ይችላል። ባንኩ ማን ስንት እንዳስገባ አይጠይቅም። «በጣምራ ፊርማ» ከሆነ ግን ሁሉም ካልፈረሙ ብሩ አይነካም። ጀርመኖች ይህን በስሙ ጭምር ለይተውታል፤ የመጀመሪያውን «ኦደር ኮንቶ»፣ ሁለተኛውን «ኡንድ ኮንቶ» ይሉታል፤ «ወይም» ሂሳብና «እና» ሂሳብ ማለት ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው ሞት ሲመጣ ነው። አንዲት እናት 100,000 አላቸው እንበል። ባንክ መመላለስ ሲከብዳቸው ከሦስት ልጆቻቸው አንዷን በሂሳቡ ያስገቧታል፤ ፊርማውም «በአንዱ» ይሆናል። እናት ሲያርፉ ገንዘቡ የማን ነው? ውሉ «በሕይወት ለቀረው ይተላለፋል» የሚል ከሆነ፣ ባንኩ የሞት ምስክር ወረቀት አይቶ ለልጅቷ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ቃል ከሌለ የሟች ድርሻ ሊታገድና የወራሽነት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል።

ባንኩ ከፈላት ማለት ግን ገንዘቡ የእሷ ሆነ ማለት አይደለም። ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ወንድሞቿ «እማዬ ያስገባችሽ እንድትላላኪያት ነው» ብለው ሊከሱ ይችላሉ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 በሁለት ተመሳሳይ ጉዳዮች መነሻውን አስቀምጧል፦ ወላጅ ራሱን የቻለ ልጁን ያለ ክፍያ በሂሳቡ ካስገባ፣ ስጦታ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ልጁ ነው። በአንደኛው ጉዳይ ልጅቷ አስረድታ ገንዘቡን ወሰደች፤ በሌላኛው ማስረዳት ስላልተቻለ ለውርስ ተመለሰ። በእኛ ምሳሌ ልዩነቱ 100,000 መውሰድ ወይም 33,333 ገደማ መካፈል ነው። እናትየው ያኔውኑ ሐሳባቸውን በጽሑፍ አስፍረው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባልተነሳ ነበር። ሞትን ደብቆ በኤቲኤም ማውጣት ደግሞ ነገሩን ያባብሳል፤ የእያንዳንዱ ወጪ ቀንና ሰዓት በባንኩ መዝገብ ላይ ይቀራል።

ሌላው አደጋ ዕዳ ነው። የአንዱ አበዳሪ ፍርድ ቤት ሄዶ ሂሳቡን ሊያሳግድ ይችላል፤ ከተቀማጭ በላይ ከወጣም ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን ከሁለቱ ከማንኛቸውም መጠየቅ ይችላል። ለመላላክ ብቻ ከሆነ ውክልና ይሻላል። ተወካይ የገንዘቡ ባለቤት አይሆንም፤ ሥልጣኑም ወካዩ ሲሞት ያበቃል።

ጥርጣሬ ከመጣ ቶሎ በጽሑፍ ለባንኩ ማመልከት ይገባል። ብዙ ባንኮች ከአንዱ ባለሂሳብ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሳቸው፣ ሁለቱም ተስማምተው እስኪፈርሙ ድረስ ወጪውን ያቆማሉ። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት የወጣውን ግን ባንኩ አይተካም።