«አቁሜዋለሁ» ያልነው ወርሃዊ ልገሳ ለምን መቆረጡን ይቀጥላል?

«የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኢሜይል እንዳይመጣብኝ አድርጌያለሁ። ስለዚህ ልገሳውም ቆሟል ማለት ነው።»

መልዕክት የሚላክበት ዝርዝርና ገንዘብ የሚሰበሰብበት ሲስተም አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው። ከኢሜይሉ ግርጌ ያለውን ሊንክ ስትጫኑ ስማችሁ ከመልዕክት ዝርዝሩ ይወጣል። ካርዳችሁ ግን እዚያው እንደተመዘገበ ነው። እንዲያውም መልዕክቱ ሲቀር ልገሳው መኖሩን የሚያስታውሳችሁ ነገር አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሰው ነገሩን የሚያውቀው ከወራት በኋላ፣ የባንክ ስቴትመንቱን ለሌላ ጉዳይ ሲያገላብጥ ነው።

«የካርዴ ጊዜ ሊያልፍ ነው። ያኔ በራሱ ይቋረጣል።»

ሊቋረጥም ላይቋረጥም ይችላል። ቪዛም ሆነ ማስተርካርድ የካርድ መረጃ የሚያድስ አገልግሎት አላቸው። ባንኩ አዲስ ካርድ ሲሰጣችሁ፣ አዲሱ ቁጥርና የማብቂያ ጊዜ የድሮውን ካርድ መዝግቦ ለያዘው ተቀባይ ሊተላለፍ ይችላል። እናንተ የድሮውን ቆርጣችሁ ጥላችኋል፤ ልገሳው ግን በአዲሱ ቀጥሏል። ይህ የሚሆነው ባንኩም፣ ለድርጅቱ የካርድ ክፍያ የሚሰበስበው ኩባንያ ማለትም ክፍያ አስፈጻሚውም በአገልግሎቱ ከገቡ ነው። ገብተው እንደሆነ ደግሞ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

መረጃው ባይታደስ እንኳ ነገሩ ወዲያው አያበቃም። ክፍያው ሲከሽፍ ብዙዎቹ ሲስተሞች በቀናት ልዩነት ደጋግመው ይሞክራሉ። ከዚያ «ካርድዎን ያድሱ» የሚል መልዕክት ይልካሉ። ልገሳው በእነሱ ዘንድ «የከሸፈ» እንጂ «የተሰረዘ» አይደለም።

«ባንኬን አስቆመዋለሁ። ድርጅቱን ማነጋገር ምን ያደርግልኛል?»

ይሄ የሚወሰነው የክፍያው ትዕዛዝ የት እንደተቀመጠ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ቆም ብለን እንየው።

በየወሩ ይህን ያህል ላክልኝ ብላችሁ ለባንካችሁ ቋሚ ትዕዛዝ ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ትዕዛዙ ያለው ባንኩ ጋ ነው። ለድርጅቱ መቶ ጊዜ ብትጽፉ ሊያቆመው አይችልም። ከባንኩ መተግበሪያ ላይ ወይም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ትሰርዙታላችሁ፤ በቃ።

ከሒሳቤ በየወሩ ውሰዱ ብላችሁ ለድርጅቱ ፈቃድ ፈርማችሁ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ገንዘቡን የሚጠይቀው ድርጅቱ ነው። ባንኩ ፈቃዱን ሊያግድላችሁ ይችላል፤ ድርጅቱ ካልሰማ ግን በመዝገቡ ላይ አሁንም ወርሃዊ ለጋሽ ናችሁ። ስለዚህ ለሁለቱም ማሳወቅ ይሻላል።

በካርድ ከሆነ፣ ካርዳችሁን የመዘገበው የድርጅቱ ክፍያ አስፈጻሚ ነው። ባንኩ አንድን ተቀባይ ሊያግድ ይሞክራል፤ መዝገቡን ግን ከዚያ ማጥፋት አይችልም። ዋናው መፍትሔ ወደ ለጋሽ ገጻችሁ ገብቶ መሰረዝ ወይም ለድርጅቱ መጻፍ ነው።

በፔይፓል ከሆነ ደግሞ ማንንም መለመን አያስፈልግም። ከ Settings ወደ Payments ገብታችሁ Automatic payments የሚለውን ስትከፍቱ የድርጅቱን ስም ታገኛላችሁ። እዚያው ትሰርዙታላችሁ።

የትኛው እንደሆነ ከረሳችሁ ስቴትመንቱን እዩ። በባንክ ዝውውር፣ በካርድ ግዢ ወይም በፔይፓል መሆኑ ከመስመሩ ላይ ይታወቃል። ሁለተኛው ፍንጭ መጀመሪያ የተላከላችሁ የምስጋና ኢሜይል ነው። የለጋሽ ቁጥራችሁ፣ ብዙ ጊዜም የማስተካከያ ሊንኩ እዚያ አለ።

«አቁመናል ብለው ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ወር ግን ተቆረጠ። አጭበርብረውኛል!»

አንዳንዴ የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነው። ከባንክ ሒሳብ የሚቆረጥ ልገሳ ከመቆረጫው ቀን ቀደም ብሎ ለባንክ ይላካል። ሁለት ቀን ሲቀረው ብትሰርዙ የዚያ ወር ጥያቄ ቀድሞ ሄዷል። ሳምንት ወይም አስር ቀን ቀድሞ መሰረዝ ከዚህ ያድናል።

ሌላው ምክንያት ይበልጥ ያስቸግራል፦ ልገሳው ሁለት መሆኑ። አንዲት ባልደረባዬ የገጠማት እንዲህ ነው። ወርሃዊ ልገሳዋን ከለጋሽ ገጿ ላይ ሰረዘች፤ ማረጋገጫም መጣላት። በሚቀጥለው ወር ግን ለዚያው ድርጅት እንደገና ተቆረጠባት። ተናዳ ልትጽፍላቸው ስትል ስቴትመንቱን ወደ ኋላ መልሰን አየን። ለካ በየወሩ ሁለት መስመር ነበር። አንዱ ወሩ በገባ በ3ኛው ቀን፣ በድርጅቱ ስም። ሌላው በ17ኛው ቀን፣ እና መስመሩ የሚጀምረው PAYPAL * ብሎ ነው። የመጀመሪያውን በስራ ኢሜይሏ ነበር የከፈተችው። ሁለተኛውን አንድ ጓደኛዋ በላከላት የዘመቻ ገጽ ላይ፣ በግል ኢሜይሏ፣ «በየወሩ» የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት እያለ ሳታስተውል ከፍላ ነው። ድርጅቱ አልዋሸም። በስራ ኢሜይሏ የሚያውቃት ለጋሽ በእርግጥ ቆማለች። በግል ኢሜይሏ ያለችው ግን በመዝገባቸው ላይ ሌላ ሰው ናት።

ስለዚህ ስትጽፉ ስም ብቻ አትስጡ። እንዲህ ያለ መልዕክት ይበቃል፦

«በየወሩ በ17ኛው ቀን በፔይፓል የሚቆረጠውን ልገሳዬን ከዛሬ ጀምሮ እንድትሰርዙ እጠይቃለሁ። የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር ይኸው። በሌላ ኢሜይሌም የተመዘገበ ወርሃዊ ልገሳ ካለ አብራችሁ ሰርዙልኝ፤ ኢሜይሉም ይኸው። መሰረዙን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።»

ለምን እንደምታቆሙ ማብራራት ግዴታ አይደለም። ሙሉ የካርድ ቁጥርም በኢሜይል አይላክም፤ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ይበቃሉ። በስልክ ከነገራችኋቸው ደግሞ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ፤ ማረጋገጫውንም በኢሜይል ጠይቁ።

«ልገሳ ስለሆነ አይመለስም። ያለው አማራጭ በባንክ በኩል መከራከር ነው።»

መጀመሪያ ጠይቁ። እንዲሰረዝ ከጻፋችሁበት ቀን በኋላ የተቆረጠውን ብዙ ድርጅቶች ይመልሳሉ፤ ማስረጃችሁ ያ መልዕክት ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ረስታችሁት የቆየ ከሆነ መመለሱ በእነሱ ፈቃደኝነት ላይ ነው። የቅርቡን አንድ ሁለት ወር መጠየቅ ግን ነውር የለውም።

በባንክ በኩል ክርክር ሲከፈት ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ለክፍያ አስፈጻሚው ቅጣት የመሰለ ክፍያ ይከፍላል። ገንዘቡም ለጊዜው ሊያዝበት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከር ነገር አይደለም፣ በተለይ ስህተቱ የእናንተ ከሆነ። ጽፋችሁ መልስ ካጣችሁ፣ ወይም ሰርዘናል ካሉ በኋላ መቁረጣቸውን ከቀጠሉ ግን መብታችሁ ነው። ለክርክሩ የጊዜ ገደብ ስላለ ለወራት አታቆዩት።

ገንዘቡ ከተመለሰላችሁና በዓመቱ የልገሳ ደረሰኝ ግብር የምታስቀንሱ ከሆነ፣ ደረሰኙ ተስተካክሎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የተመለሰ ገንዘብ ልገሳ ተብሎ አይቆጠርም።