የሁለት ዓምድ ስክሪፕት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ያው ስክሪንፕሌይ ነው። ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ እንጂ ምን ለውጥ አለው?»

ሁለት ዓምድ ስክሪፕት የሚታየውን በአንድ ዓምድ፣ የሚሰማውን በጎኑ ባለው ዓምድ የሚያስቀምጥ ሠንጠረዥ ነው። ለውጡ ጊዜው ላይ ነው። ስክሪንፕሌይ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ ቦታው ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚታየው፤ ቀጥሎ ሰው ይናገራል። ለድራማ ይሄ ይመቻል። ተዋናዩ ሲናገር የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ተዋናዩን ነው፤ ወይ የሚሰማውን ሰው። ማብራሪያ ቪዲዮ ላይ ግን ተናጋሪው አይታይም። ጆሯችን ተራኪውን ይሰማል፤ ዓይናችን ሌላ ነገር ያያል፤ ሁለቱም በአንድ ሰከንድ ነው የሚመጡት። ተከታትለው ከተጻፉ፣ የትኛው ቃል ሲነገር የትኛው ምስል እንደሚታይ ወረቀቱ አይነግርህም።

እኔ ይሄ የገባኝ በአንድ የ90 ሰከንድ ሥራ ነው። ርዕሱ «ባቡሩ ለምን ሐረር አልገባም?» ይላል። ታሪኩ ለድሬ ልጅ አዲስ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ከጅቡቲ የተነሣው መስመር መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ዳገቱ ግን ወጪውን አናረው፤ መስመሩም ተራራውን ትቶ በሥሩ በሜዳው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ቦታ ነው ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው። እኔም ድራማ መጻፍ ስለለመድኩ በስክሪንፕሌይ ጻፍኩት። አንዱ ክፍል እንዲህ ነበር፦

> ውጪ። ደንገጎ። ጠዋት።
>
> የጭነት መኪና በጠመዝማዛው መንገድ ይወጣል። ከኋላው ተራራው ይታያል።
>
> ተራኪ
>
> ሐረር ያለችው ከተራራው በላይ ነው። የብረት ጎማ ብረት ላይ ሲሽከረከር እንደ መኪና ጎማ ቆንጥጦ አይይዝም። ስለዚህ ባቡር ቀስ ብሎ ከፍ የሚል መንገድ ይፈልጋል። ያንን ለማግኘት ደግሞ ተራራውን መዞር ወይም መብሳት ነበረበት። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ነው።

ሲነበብ ምንም አይጎድለውም። ሥራውን ያዘዘው መሥሪያ ቤትም አንብቦ አጸደቀው። ደንገጎ ወጣን፣ መኪናውን ቀረጽን፣ ድምፁን አስቀዳን። በሦስተኛው ቀን ኤዲተሩ ከከዚራ ደወለልኝ። «አቦ፣ መኪናው እኮ አለፈ። ሰውየው ገና እያወራ ነው። ምን ላስገባ?»

ተራኪው ያን ክፍል ለማንበብ 21 ሰከንድ ይፈጅበታል። የመኪናው ሾት የሚያገለግለው 6 ሰከንድ ነው። 15 ሰከንድ ባዶ። እንደገና ደንገጎ ብንወጣም አይሞላም ነበር፤ ምክንያቱም የቀረው ነገር የጎማና የሐዲድ ጉዳይ ነው። ያ በካሜራ አይገኝም፤ መሣል አለበት። አኒሜተር ደግሞ በጀቱ ውስጥ አልነበረም።

ያንኑ ክፍል በሁለት ዓምድ ስጽፈው ይሄን መሰለ፦

| ምስል | ድምፅ |
|---|---|
| 1. ደንገጎ። የጭነት መኪና በጠመዝማዛው ይወጣል። (5 ሰከንድ) | የሞተር ድምፅ፣ ከዚያ ዝቅ ይላል። ተራኪ፦ ሐረር ያለችው ከተራራው በላይ ነው። |
| 2. ሥዕል፦ የባቡር ጎማና ሐዲድ በቅርበት። ጎማው ዳገት ላይ ይንሸራተታል። (6 ሰከንድ) | ተራኪ፦ የብረት ጎማ ብረት ላይ ሲሽከረከር እንደ መኪና ጎማ ቆንጥጦ አይይዝም። |
| 3. ሥዕል፦ ተራራው ከጎን። ቀይ መስመር እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጽሑፍ፦ «ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ»፣ «ሐረር 1880 ሜትር ገደማ» (7 ሰከንድ) | ተራኪ፦ ባቡር ቀስ ብሎ ከፍ የሚል መንገድ ይፈልጋል። ጥምጥሙ ደግሞ ገንዘብ ይበላል። |
| 4. አሮጌው ጣቢያ፣ ፊት ለፊት። (3 ሰከንድ) | ተራኪ፦ ስለዚህ ሜዳው ላይ ቀረ። |

ርዝመቱ ያው 21 ሰከንድ ነው። ግራውን ዓምድ ብቻ ይዘህ ውረድ። ሁለት ቀረጻ፣ ሁለት ሥዕል። ፕሮዲውሰሩ ካሜራ ሳይከራይ፣ መኪና ሳያዝዝ፣ አኒሜተር እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ፕሮዲውሰሮች ይሄን ቅርጽ የሚወዱበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፤ ወጪው ግራው ዓምድ ላይ ተጽፎ ይታያል። ስክሪንፕሌዩ ላይ ያ የጎማ ሥዕል አለመኖሩን ያጸደቀው ሰውም፣ እኔም አላየንም፤ ቃሉ ሸፍኖት ነበር። ሠንጠረዥ ላይ ቢሆን ከቃሉ ጎን ያለው ሳጥን ባዶ ሆኖ ያፈጥብን ነበር።

ሌላም አለ። ሠንጠረዡን የሚያነቡት ሰዎች የተለያዩ ናቸው። ካሜራማኑና አኒሜተሩ ግራውን ይይዛሉ። ተራኪው ቀኙን ብቻ ይዞ ስቱዲዮ ይገባል። ታሪኩን እንዲያዩልን ሐረር ላሉ አንድ አዋቂ የላክነው ቀኙን ዓምድና በምስሉ ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች ብቻ ነው። የካሜራ ወሬ ሳያደክማቸው በአንድ ቁጭታ ጨረሱት። ደንበኛው «ይሄ ይውጣ» ሲልም አንድ ረድፍ ትሰርዛለህ፤ ቃሉም ምስሉም ሰከንዱም አብረው ይወጣሉ።

«ንባቡን ልጨርስ። ምስሉን በኋላ እንሞላዋለን።»

በኋላ የሚሞላ ግራ ዓምድ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። «የከተማዋ ልዩ ልዩ ገጽታ» ይላል። ቀጣዩ ረድፍ «የሕዝብ እንቅስቃሴ» ይላል። እነዚህ ምስል አይደሉም። ካሜራማኑ ገበያ ሄዶ ግማሽ ቀን ቀርጾ ይመጣል፤ ኤዲተሩም የተረፈውን ቀዳዳ በዚያ ይደፍናል። ተመልካቹ ስለ ዳገት እየሰማ ቲማቲም ያያል።

ግራው ዓምድ ላይ የሚጻፈው ሰው ቆሞ ሊያሳየው የሚችል ነገር መሆን አለበት፦ ምን፣ የት፣ ምን ሲያደርግ። እኔ ረቂቁ ሲያልቅ ቀኙን በወረቀት እሸፍንና ግራውን ብቻ አነባለሁ። ድምፅ ሳይኖር የነገሩ አካሄድ በጥቂቱም ቢሆን ከገባኝ ደህና ነው። ከዚያ ግራውን ሸፍኜ ቀኙን ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ።

ይሄ ፈተና ተቃራኒውንም ጥፋት ያጋልጣል፤ ሁለቱ ዓምዶች አንድ ነገር ሲደጋግሙ። በመጀመሪያው ረቂቄ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተራኪው «ድሬዳዋ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ፣ ሐረር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ሜትር ገደማ» ይል ነበር፤ ቁጥሩም ምስሉ ላይ ተጽፏል። አንዱ ትርፍ ነው። ቁጥሩን ለዓይን ሰጠሁት፤ ምክንያቱን ለጆሮ። በዚያው በርካታ ሰከንድ አተረፍኩ። ስክሪንፕሌይ ላይ እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ከዓይን ያመልጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን አይቀመጡምና።

«አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው።»

ያ ልማድ የስክሪንፕሌይ ነው፤ ለዚያም ግምት ነው። የሚሠራው የእንግሊዝኛ ፊደሉ፣ መጠኑና ሕዳጉ የታወቀ ስለሆነ ነው። ሁለት ዓምድ ላይ ገጹን ብዙ ጊዜ የሚያስረዝመው የምስሉ መግለጫ ነው። ካርታ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለመጻፍ ስምንት መስመር ይፈጅብሃል፤ ጎኑ ያለው ንባብ 4 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ጊዜ የሚለካው በቀኙ ዓምድ ነው፤ የስልክህን ሰዓት ከፍተህ፣ ድምፅህን አውጥተህ፣ በተራኪ ፍጥነት አንብበህ።

ቃል ቆጥሮ መገመትም በአማርኛ ያሳስታል። «በ1895 ዓ.ም.» ወረቀት ላይ ቁራሽ ነው። አፍ ላይ ግን «በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት» ነው፤ ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ለዚህ ነው ቀኙ ዓምድ ላይ ቁጥር በፊደል የሚጻፈው። ግራው ላይ፣ በምስሉ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ግን በአኃዝ ይሁን፤ አኒሜተሩ እንዳለ ይገለብጠዋልና።

የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደልም እዚያው አስታውስ። «መስመሩ ይሠራል» የሚለውን ተራኪው እንዴት ያንብበው? «ሠ» ከላላ መስመሩ ሥራ ላይ ነው። ከጠበቀ ገና ሊሠሩት ነው። ተራኪው ግራውን ዓምድ ስለማያይ ምስሉ አይነግረውም። ከቃሉ አጠገብ «ሠ ይጥበቅ» ብለህ በቅንፍ ጻፍለት፤ ስቱዲዮ በድጋሚ ከመከራየት ያድንሃል።

«ምስሉ በግራ ካልሆነ ስህተት ነው።»

የተለመደው ምስል በግራ፣ ድምፅ በቀኝ ነው። ገልብጠው የሚሠሩም አሉ፤ ሥራው አይበላሽም። የሚበላሸው ረድፉ ሲዛነፍ ነው። ሠንጠረዥ ሳይሠሩ በታብ ብቻ ሁለት ዓምድ የሚያስመስሉ ሰዎች ግራው ላይ አንድ መስመር ሲጨምሩ ቀኙ ይንሸራተታል፤ የጣቢያው ምስል ከጎማው ንባብ ጋር ይገጥማል። እውነተኛ ሠንጠረዥ ሥራ፤ ረድፎቹን ቁጠር። በስልክ «ረድፍ 3 ላይ ያለው» ስትል ሁሉም አንድ ቦታ ያያል።

«እንግዲያው ሁሉንም ሥራ በሁለት ዓምድ እንጻፈው።»

ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አይመችም። ንግግሩ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ይቆራረጣል፣ ግራው ላይ «ያው» «ያው» እያልክ ትወርዳለህ፣ ተዋናይም ስሜቱን አይከተልበትም። እኛ ባቡሩ ቪዲዮ ውስጥ አንድ የቡና ነጋዴና አንድ ግመል ነጂ የሚከራከሩባት 20 ሰከንድ አስገብተን ነበር። እሷን ለብቻዋ በስክሪንፕሌይ ጻፍናት። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ያዘች፦ «ትዕይንት ሀ፣ 20 ሰከንድ፣ በተለየ ገጽ»።

ቃለ መጠይቅ ሌላ ጣጣ ነው። ሰው ምን እንደሚል ቀድመህ አታውቅም። ከቀረጻው በፊት ቀኙ ላይ ጥያቄውንና የምትፈልገውን ነጥብ ብቻ ጻፍ። ከቀረጻው በኋላ ያንን አጥፋና የተናገረውን ቃል በቃል አስገባ፤ ግራው ላይ ደግሞ የፋይሉን ስምና የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት ስጠው፣ `00:04:12–00:04:27` ብለህ። ኤዲተሩ ከአርባ ደቂቃ ፉቴጅ ውስጥ 15 ሰከንዷን ሳይፈልግ ያገኛታል።